ዋልካችን ለሩዝ ይመቻል፤ ለእሬትና ለካክተስስ?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ገለጻ)

ዛሬ የምናወራው በማሰሮና በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን እየተከልን ለሽያጭ ስለምናዘጋጃቸው እሬት፣ እንዳሁላና ካክተስ አፈር ነው። አንዱ ተክል ለሽያጭ እስኪደርስ ወራት ይፈጃል። ክረምት ገብቶ ከሥሩ ከበሰበሰ ግን የወራቱ ድካም በአንድ ሳምንት ይጠፋል።

የፎገራ ሜዳ ዋልካ ውሃ ይዞ የሚያቆም አፈር ነው። ሩዝ የተስማማውም ለዚህ ነው። እነዚህ ተክሎች ግን ውሃውን በቅጠላቸውና በግንዳቸው ያጠራቅማሉ፤ ሥራቸው የሚፈልገው አየር ነው። አፈሩ ውስጥ ያለው ቀዳዳ ሁሉ ለቀናት በውሃ ከተሞላ ሥሩ ታፍኖ ይሞታል፣ ከዚያ ብስባሴው ወደ ላይ ይወጣል።

«አሸዋ ጣል ብናደርግበትስ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። ዋልካ ላይ ጥቂት አሸዋ መጨመር አይጠቅምም፤ ጭቃው በአሸዋው መካከል ገብቶ ይሞላውና ሲደርቅ እንደ ጡብ ይጠነክራል። በበጋ ደግሞ ያታልላል። ዋልካ ሲደርቅ ስለሚሸማቀቅ ከማሰሮው ግድግዳ ይላቀቃል፤ ውሃ ስናፈስ በጎን በኩል ሾልኮ ቶሎ ይወርዳል። ያየ ሰው «ይኸው ያንጠፈጥፋል» ይላል፤ መሐሉ ግን አልረጠበም።

ስለዚህ አፈሩን ዋና ማድረጉ ይቅር። ዋናው ጠጠር ይሁን። እኛ የምንሠራው በሁለት ጣሳ ደቃቅ ጠጠር፣ አንድ ጣሳ አሸዋና አንድ ጣሳ የጓሮ አፈር ነው። ጠጠሩ ብሎኬት ሠሪዎች ከሚጠቀሙበት ዓይነት ሆኖ ከሽንብራ ፍሬ የማይበልጥ ይሁን። ዱቄቱን በወንፊት አውጡለት፣ እጠቡት። አሸዋው ከጉማራ ወይም ከርብ የሚመጣው ሻካራው ነው፤ ባልዲ ውስጥ ውሃ እየጨመራችሁ አማስሉትና ድፍርሱን ድፉት፣ ውሃው እስኪጠራ ድረስ። ሲሚንቶ የነካው የግንባታ ትራፊ አሸዋ አይሆንም። አፈሩ ደግሞ ከጓሮ ከፍ ካለው ቦታ የሚገኘው ቀላ ያለውና በእጅ የሚፈረፈረው ይሁን። እርጥቡን አፈር በመዳፋችሁ አንከባሉት፤ እንደ ቀጭን ገመድ ሳይበጠስ ከረዘመ ጭቃው በዝቷል፣ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

እዚህ ላይ ለሒሳብ ሠራተኛ የማይዋጥ ነገር አለ። በመዝገብ ሁለት፣ አንድና አንድ አራት ይሆናል። በባልዲ ሲቀላቀል ግን ከአራት ጣሳ ያንሳል፤ አሸዋውና አፈሩ በጠጠሮቹ መካከል ባለው ክፍት ቦታ ይገባሉና። ሁለት ሊትር የሚይዙ 20 ጀሪካኖችን ለመሙላት 40 ሊትር ብቻ ከለካን ጥቂቶቹ ባዶ ይቀራሉ፤ 50 ሊትር ያህል፣ ማለትም 25 ጠጠር፣ 12 ተኩል አሸዋና 12 ተኩል አፈር ብናዘጋጅ ይሻላል። አሸዋውን ሻካራ ይሁን ያልነውም ለዚሁ ነው። ደቃቁ ክፍቱን ቦታ ሁሉ ከሞላው ውሃ መውረጃ አያገኝም።

ከመትከላችሁ በፊት አንዱን ጀሪካን ሞልታችሁ ፈትኑት። መጀመሪያ በደንብ አርጥቡት፣ ከዚያ አንድ ኩባያ ውሃ ባንድ ጊዜ አፍስሱ። ውሃው ላዩ ላይ ሳይቆም ወዲያው ከሰመጠና ከታች መንጠባጠብ ከጀመረ መልካም። እንደ ኩሬ ከቆመ ጠጠር ጨምሩ።

ብዙዎቻችን ከጀሪካኑ ሥር ጠጠር ማንጠፍ ለምደናል። ያ ጠጠር ከአፈሩ ጋር ቢቀላቀል ይሻላል። ውሃ ከደቃቅ አፈር ወደ ሸካራ ጠጠር ቶሎ አይወርድም፤ ከላይ ያለው አፈር እስኪጠግብ ድረስ እዚያው ተንጠልጥሎ ይቆያል፣ ሥሩ ደግሞ ያለው እዚያ ነው። የመውረጃው ቀዳዳ እንዳይደፈን ቁራጭ ወንፊት ይበቃል።

ቅጠሉ ሲለሰልስ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። የተሸበሸበና የቀጠነ ከሆነ ጠምቶታል። ቢጫ ሆኖ ብርሃን እንደሚያሳልፍ ላስቲክ ከመሰለና ሲነኩት ከወደቀ ግን በስብሷል፤ ነቅላችሁ ብታዩ ሥሩ ቡናማና ሙልጭልጭ ነው። እንዲህ ያለውን ጤናማው ሥጋ እስኪገኝ ድረስ በንጹሕ ቢላዋ ቁረጡት፣ ጥላ ሥር ቁስሉ እስኪደርቅ ሳምንት ያህል አስቀምጡና በአዲሱ ድብልቅ ትከሉት። የቁልቋል ወይም የቅንጭብ ዘር ከሆነ ወተቱ ዓይናችሁ እንዳይገባ።

ይህ ድብልቅ ምግብ የለውም ማለት ይቻላል፤ በየጀሪካኑ አንድ እፍኝ ፈጽሞ የበሰበሰ ፍግ ይበቃዋል። ቶሎም ይደርቃል፤ በበጋ ጣታችሁን ጠልቃችሁ ደረቅ ስታገኙት አጠጡ። በሐምሌና በነሐሴ ግን ጠጠሩም ቢሆን ዕለት ዕለት የሚወርደውን ዝናብ አይችለውም፤ ጀሪካኖቹ ጣራ ሥር፣ ከመሬት ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ ይደርደሩ። ውሃ በተኛበት ግቢ መሬት ላይ ከተቀመጡ ቀዳዳው ከታች ወደ ላይ ውሃ ይስባል።