ከክፍያው የጎደለው 10,000 ሽልንግ

አቅራቢ 1፦ ናይሮቢ ውስጥ ግንባታ የሚሠራ ወገናችን ለአንድ ድርጅት 200,000 ሽልንግ የሚያወጣ ሥራ ጨረሰ እንበል። 16 በመቶ ቫት ሲጨመር ኢንቮይሱ 232,000 ይላል። ባንክ የገባለት ግን 222,000 ነው። ተዘረፈ?

አቅራቢ 2፦ የለም። ከፋዩ ከሥራው ዋጋ ላይ 3 በመቶ ዊዝሆልዲንግ፣ ማለትም 6,000 ቀንሷል። የገቢዎች ባለሥልጣን የቫት ቀናሽ አድርጎ የሾመው ስለሆነ ደግሞ 2 በመቶ፣ 4,000 ያዘ። ሁለቱም የሚሰሉት ቫት ሳይጨመር ካለው ዋጋ ላይ ነው።

አቅራቢ 1፦ ታዲያ ኢንቮይሱን በ222,000 ቢጽፈውስ?

አቅራቢ 2፦ በፍጹም! ሙሉውን ዋጋና ቫቱን ይጻፍ፤ ተቀናሹን ከድምሩ በታች፣ የሚከፈለውን ለማሳየት ብቻ ያስቀምጠው። ገቢውን አሳንሶ ከጻፈ ሒሳቡ ከዊዝሆልዲንግ ሰርተፊኬቱ ጋር አይገጥምም።

አቅራቢ 1፦ ሰርተፊኬቱ ካልመጣስ?

አቅራቢ 2፦ ከፋዩ የቀነሰውን በ5 የሥራ ቀናት ውስጥ ማስገባት አለበት። ስለዚህ ሳምንት ካለፈ በጽሑፍ ይጠይቅ፤ የኢንቮይስ ቁጥር፣ የተከፈለበት ቀን፣ የተቀነሱት ሁለት መጠኖችና የግብር ከፋይ ቁጥሩ ይኑሩበት። አንዳንድ ጊዜ ችግሩ በስህተት የተመዘገበ የግብር ከፋይ ቁጥር ነው።

አቅራቢ 1፦ «ቀንሰናል» የሚል ደብዳቤ አይበቃም?

አቅራቢ 2፦ አይበቃም። ሰርተፊኬቱ iTax ላይ በስሙ ካልታየ፣ 6,000ውን ከዓመታዊ ግብሩ ላይ ማስቀነስ ይቸገራል። ግለሰብ ግብር ከፋዮች፣ የግብር ማስታወቂያው የመጨረሻ ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ሰኔ 30 ነው፤ ከዚያ በፊት ጠይቁ።