የአንዲት እናት መልስ የት ይመደብ?
(ለአባላት ከቀረበ አጭር ንግግር)

ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ወደ የካ የሚወርዱ እናቶችን «ሌላ ሥራ እንዳትጀምሪ ምን ያዘሽ?» ብለን ብንጠይቅ መልሱ በየራሳቸው ቃል ነው የሚመጣው። ያን ለመቁጠር መጀመሪያ መመደብ አለብን። ለመለማመጃ እንዲሆነን ሰባት መልሶች ጽፈናል፦

1. መነሻ ገንዘብ የለኝም።
2. ልጄን የምተውለት ሰው የለም።
3. ፈትል እችላለሁ፣ ገዢ ግን አጣሁ።
4. ተበድሬ ነበር፣ ለልጆች ምግብ አለቀ።
5. እንጨቱ የዛሬን እንጀራ ዛሬ ይሰጠኛል።
6. ገንዘብም የለኝ፣ ልጅም አለብኝ።
7. ጉልበቴን ያመኛል።

ብዙዎቻችን ቶሎ ብለን «የገንዘብ ችግር» የሚል ምድብ እንከፍታለን። 1፣ 3፣ 4፣ 5 እና 6 እዚያ ይገባሉ። ከሰባቱ አምስቱ ገንዘብ አሉ ብለን ብድር እንወስናለን። ነገር ግን ሦስተኛዋ የምትፈልገው ገበያ ነው። አራተኛዋና አምስተኛዋ ደግሞ አዲሱ ሥራ እስኪያፈራ ድረስ የሚበሉት የላቸውም፤ ብድር ብንሰጣቸው ዕዳ እንጨምርባቸዋለን።

ስለዚህ ምድቡን እንከፍለዋለን፦ መነሻ ገንዘብ ማጣት፣ የዕለት ገቢ መቋረጥ፣ ገበያ ማጣት፣ ልጅ የሚይዝ ማጣት፣ ጤና። ለእያንዳንዱ ምን እንደሚገባበትና ምን እንደማይገባበት በአንድ መስመር እንጽፋለን። ለምሳሌ «ብሩን አግኝታ ለምግብ ያለቀባት ወደ ዕለት ገቢ እንጂ ወደ መነሻ ገንዘብ አትገባም»።

በሒሳብ መዝገብ አንድ ወጪ በሁለት የወጪ ሒሳብ ከተመዘገበ ድምሩ ይዛባል፤ አንድ ምክንያትም እንዲሁ ቤቱ አንድ ብቻ ይሁን። የስድስተኛዋ መልስ ግን ሁለት ምክንያት ስለያዘ ሁለቱንም እንመዘግባለን። ያኔ ሴቶቹ ሰባት፣ ምክንያቶቹ ስምንት ይሆናሉ፤ ሪፖርቱ ላይ «ከሰባት ሴቶች ሁለቱ መነሻ ገንዘብ አሉ» ብለን እንጽፋለን።

ቤት አጥቶ የሚቀር መልስም እንዳይኖር «ሌላ» የሚል ምድብ እንጨምራለን። ዝም ያለችው ግን «አልመለሰችም» በሚል ለብቻዋ ትያዝ። «ሌላ» እያበጠ ከሄደ፣ ልክ እንደ «ልዩ ልዩ ወጪ»፣ ያልተከፈተ ምድብ ውስጡ ተደብቋል ማለት ነው። አዲስ ምድብ ከከፈትን ደግሞ የመደብናቸውን ሁሉ ከመጀመሪያው እንደገና እናነባለን።

በመጨረሻም ሁለት ሆነን፣ ሳንተያይ፣ ያንኑ መልስ እንመድብና እናስተያይ። የተለያየንበት ቦታ ላይ ማን ትክክል ነው ብለን ከመከራከር በፊት የጻፍነውን መስመር እንይ፤ ብዙ ጊዜ ግልጽ ያልሆነው እሱ ነው። ምድብ የማይፈታው ነገርም አለ፦ «ገንዘብ የለኝም» ብላ ብቻ ያለፈችውን ለምን እንደሆነ መልሶ መጠየቅ እንጂ እኛ መገመት የለብንም።