ገንዘብን በሁለት አክሲዮን ስለ መክፈል



አንድ ቁጥብ ሰው ከደመወዙ እያጠራቀመ 100,000 ብር በአንድ የዱቄት ፋብሪካ አክሲዮን ላይ አውሏል እንበል። ገንዘቡ ለልጆቹ ትምህርት የታሰበ ነው። ወዳጁ መጥቶ፣ «ከዚህ 20,000 ብሩን አንሥተህ ቡና ወደ ውጭ አገር የሚልክ ኩባንያ አክሲዮን ግዛበት» ቢለው፣ «የቡና ዋጋ ዛሬ ሲሰቀል ነገ ሲወድቅ የሚኖር ነው፤ የልጆቼን ገንዘብ እንዴት ለአደጋ እሰጣለሁ?» ብሎ ይመልሳል። መልሱ የጠንቃቃ ሰው መልስ ይመስላል። ነገር ግን ይህ ሰው ገና ያልጠየቀው አንድ ጥያቄ አለ።

ለእያንዳንዱ አክሲዮን በመጀመሪያ ሁለት ቁጥሮች ያስፈልጉናል። አንደኛው በአማካይ የሚጠበቀው የዓመት ትርፍ ነው። ሁለተኛው ባለሙያዎች ስታንዳርድ ዴቪዬሽን የሚሉት፣ ትርፉ ከአማካዩ ወዲያና ወዲህ የሚዋዠቅበት ልክ ነው። ለምሳሌ ያህል የዱቄቱ ትርፍ በመቶ 6፣ መዋዠቁ በመቶ 10 ይሁን። ይህም ማለት ከሦስት ዓመት በሁለቱ ያህል ውጤቱ ከ4,000 ብር ኪሣራ እስከ 16,000 ብር ትርፍ ባለው መካከል ይውላል ማለት ነው። የቡናው ትርፍ በመቶ 10፣ መዋዠቁም በመቶ 20 ይሁን።

ገንዘቡ ሲከፈል የሚጠበቀው ትርፍ ቀላል ሒሳብ ነው። ከዱቄቱ 4,800፣ ከቡናው 2,000፣ በድምሩ 6,800 ብር ይሆናል። ቀድሞ ግን 6,000 ነበር።

መዋዠቁ ግን እንዲህ በመደመር ብቻ አይገኝም። የዱቄቱ ድርሻ መዋዠቅ 8,000 ብር፣ የቡናው 4,000 ብር ነው። ሁለቱ ኩባንያዎች ሁልጊዜ አብረው የሚነሡና አብረው የሚወድቁ ከሆነ፣ የዝምድና ቁጥራቸው 1 ይባላል፤ መዋዠቁም ተደምሮ 12,000 ይሆናል። አንዱ ሲነሣ ሌላው ምንጊዜም በዚያው መጠን የሚወድቅ ከሆነ ቁጥሩ ከዜሮ በታች 1 ነው፤ ያን ጊዜ አንዱ ከሌላው ተቀንሶ 4,000 ብቻ ይቀራል። እንዲህ ያለ ጥንድ በገበያ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው።

ዝምድናቸው ዜሮ የሆነ እንደ ሆነስ? የፒታጎራስን ሕግ በትምህርት ቤት የተማረ ሁሉ መልሱን ያውቀዋል። 8,000ና 4,000 የቀጥተኛ ማዕዘን ሁለት ጎኖች ናቸው፤ የጋራው መዋዠቅ ደግሞ ሰያፉ መሥመር ነው። የሁለቱ ካሬ 64 ሚሊዮንና 16 ሚሊዮን ሲደመር 80 ሚሊዮን፣ ሥሩም 8,944 ብር ነው። ልብ በሉ፤ ሰውዬው ገንዘቡን ሁሉ በዱቄቱ ላይ ትቶት ቢሆን መዋዠቁ 10,000 ነበር። ይበልጥ የሚዋዠቀውን አክሲዮን ጨምሮ አደጋውን ቀነሰ፤ ትርፉንም አሳደገ።

ይህ ግን ሁልጊዜ አይሆንም። ዝምድናው ግማሽ፣ ማለት 0.5 ከሆነ፣ በ80 ሚሊዮኑ ላይ 32 ሚሊዮን ይጨመራል፤ ሥሩም 10,583 ይሆናል። ወሰኑን ለማግኘት ትንሹን መዋዠቅ ለትልቁ ማካፈል ነው፤ 10 ለ20 ሲካፈል 0.5 ይሆናል። ዝምድናው ከዚህ ካነሰ በልክ የተገዛ ቡና አደጋን ይቀንሳል። እዚህ ከደረሰ ወይም ከበለጠ ግን አንዲት አክሲዮን ብትጨመርም መዋዠቁን ታሳድጋለች። ስለዚህ ሰውዬው መጠየቅ የነበረበት የቡናን ጠባይ ብቻ ሳይሆን፣ ቡናው በወደቀበት ዓመት ዱቄቱ ምን እንደሚሆን ነው።

ይህን ስሌት መሠረት ያስያዘው አሜሪካዊው ሃሪ ማርኮዊትዝ ነው። ጽሑፉን በ1952 ሲያወጣ ዕድሜው 24 ዓመት ነበር፤ በ1990 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። (ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የሚያሳስተው ነገር ዝምድናው እንደ ሰው ዝምድና ጸንቶ የማይኖር መሆኑ ነው። በ2008 በአሜሪካ የታላላቆቹ ኩባንያዎች አክሲዮን በመቶ 37 ሲወድቅ፣ የመንግሥት ቦንድ የያዙ አተረፉ፤ የፈራው ገንዘብ ሁሉ ወደዚያ ሸሽቶ፣ ወለድም ወርዶ ነበርና። በ2022 ግን አክሲዮኑ በመቶ 18፣ ቦንዱም በመቶ 13 ያህል አብረው ወደቁ። በዚያ ዓመት የዋጋ ንረትን ለመግታት ወለድ በፍጥነት ስለ ተነሣ፣ አንዱ ምክንያት ሁለቱንም መታቸው።

እንግዲህ ከቁጥሩ አስቀድሞ ምክንያቱን መመርመር ይገባል። የብር ምንዛሪ ሲወድቅ ቡና ላኪው ለአንድ ዶላር ብዙ ብር ያገኛል፤ ፋብሪካው ስንዴውን ከውጭ የሚገዛ ከሆነ ግን ይጎዳል፤ በዚህ በኩል ተቃራኒዎች ናቸው። ባንኮች ብድር ሲያጠብቁ ደግሞ ሁለቱም ባንድነት ይቸገራሉ። የ10 ዓመት የትርፍ መዝገብ ያለው ሰው የመጀመሪያውን 5 ዓመትና የኋለኛውን 5 ዓመት ለየብቻ ያስላ፤ በአንደኛው ዝምድናው 0.1፣ በሌላው 0.7 ቢወጣለት፣ የሁለቱን አማካይ ይዞ ሳይሆን 0.7ን ይዞ ሒሳቡን እንደገና ይሥራ።