«በአቻ የተገመገመ» ሲባል ምን ማለት ነው?

(በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)



በክበባችሁ «አቻ ለአቻ ውይይት» ስትሉ ከእኩያ ጋር ማለታችሁ ነው አይደል? ተመራማሪዎችም አቻ አላቸው። አንድ ሰው ጥናቱን ለሳይንስ መጽሔት ሲልክ፣ አዘጋጁ በዚያው ሙያ ላሉ ሁለት ሦስት ሰዎች ያስነብበዋል። እነሱም ዘዴው ያስኬዳል ወይ፣ መደምደሚያው ከማስረጃው ይወጣል ወይ ብለው ይመረምሩና ይውጣ፣ ይታረም ወይም ይቅር ይላሉ። ይህን ያለፈ ጽሑፍ «በአቻ የተገመገመ» ይባላል። ነገር ግን ገምጋሚዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነቡት የተጻፈውን ነው፤ ጥናቱን ደግመው አይሠሩትም።

አሜሪካዊው ባዮሎጂስት ፕሮፌሰር ፒተር ዱስበርግ ኤች አይ ቪ ኤድስን አያመጣም ብለው ተከራክረዋል። በደቡብ አፍሪካ በቫይረሱ ብዙ ሕዝብ ማለቁን የሚክድ ጽሑፍ ከሌሎች ጋር አዘጋጁ። አንድ የኤድስ ጥናት መጽሔት አልቀበልም አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 የአቻ ግምገማ በማያደርግ ሌላ መጽሔት ወጣ፤ ተቃውሞ ተነሣና ተሰረዘ። በ2011 ግን ተሻሽሎ በአንድ የጣሊያን መጽሔት ታተመ፤ ይኼኛው ገምጋሚ አለው! መጽሔቱ ግን የአናቶሚና የፅንስ ጥናት ነው። የሰውነት አሠራር አዋቂ ስለ ወረርሽኝ ሞት አቆጣጠር የግድ አዋቂ አይደለም። የጽሑፉ አንዱ ድክመት ደግሞ እዚያው አቆጣጠሩ ላይ ነው፤ በሞት ምስክር ወረቀት ላይ ኤች አይ ቪ ተብሎ በተጻፈው ቁጥር ይመካል። ሐኪሙ ግን ብዙ ጊዜ የሚጽፈው «ሳንባ ነቀርሳ» ወይም «የሳንባ ምች» ብሎ ነው።

አሁን ወደ ከተማችን እንምጣ። አዲስ አበባ የተሟላ የሞት ምዝገባ ስላልነበራት፣ ተመራማሪዎች ከ2001 ጀምሮ በየመካነ መቃብሩ የሚፈጸመውን ቀብር አስመዘገቡ። ከዚያ ውስጥ የተወሰኑትን መርጠው ቤተሰብን ስለ ሟች ሕመም ጠየቁ። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከመጣ በኋላ በኤድስ የሚሞቱ አዋቂዎች በእጅጉ መቀነሳቸውን በ2009 አሳተሙ። ይህም በአቻ የተገመገመ ነው።

እንግዲህ ማኅተሙ አንድ ነው። አንድ ልጅ «ታዲያ የትኛውን እንመን?» ብሎ ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። የእኛውም ከተማ ጥናት ገደብ አለው፤ ቤተሰብ የሕመሙን ምልክት ሊረሳ፣ ወይም አፍሮ ሊደብቅ ይችላል። ገምጋሚ ደግሞ መጥቶ መቃብር አይቆጥርም። እኔን ያሳመነኝ ሌላ ነው፤ በማላዊ ካሮንጋ ወረዳ ነዋሪዎችን ለዓመታት የተከታተሉ ሌሎች ሰዎች፣ ቀብር ሳይቆጥሩ በሌላ መንገድ ሄደው፣ መድኃኒቱ ከገባ በኋላ የአዋቂዎች ሞት መቀነሱን በ2008 አሳትመዋል።