በህልም የሚመጡ የኔታ

ሴት አቅራቢ፦ ጋይንት ቤተልሔም ድጓ አስመስክሮ ዛሬ እስቴ የሚያስተምር መሪጌታ አለ እንበል። ሌሊት በህልሙ የኔታ ፊት ቆሞ ዜማው ይጠፋበታል፤ እሳቸውም በመቋሚያቸው መሬቱን መታ አድርገው «ተመለስ!» ይሉታል። ካስመሰከረ በኋላ ምን ያስፈራዋል?

ወንድ አቅራቢ፦ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፍሮይድ 1900 እ.ኤ.አ. ተብሎ በታተመው የህልም መጽሐፉ ይህንኑ አንስቷል። በህልም የሚያስጨንቀን ያለፍነው ፈተና ነው ይላል። እሱ ራሱ በሕግ ነክ ሕክምና ወድቆ ነበር፤ በህልሙ የሚፈተነው ግን ባለፋቸው በዕፅዋት፣ በእንስሳትና በኬሚስትሪ ነው።

ሴት አቅራቢ፦ ታዲያ የኔታ ለምን ይመጣሉ?

ወንድ አቅራቢ፦ ህልሙ በማግስቱ ኃላፊነት ሲጠብቀን ይመጣል ይላል ፍሮይድ። መሪጌታውም ነገ ማኅሌት ይመራ ይሆናል። ስህተቱን ለዓመታት ያረሙት እሳቸው ናቸውና፣ ራሱን ሲጠራጠር የሚሰማው የእሳቸውን ድምፅ ነው። እኔ ስጋቱ የራሱ፣ መልኩ የየኔታ ነው እላለሁ።

ሴት አቅራቢ፦ በአለንጋ ተገርፎ ያደገውስ?

ወንድ አቅራቢ፦ እሱ ለየት ይላል እህቴ። ግርፋቱ እንደነበረ እየተደገመ በላብ አጥምቆ የሚያባንነው፣ መተኛትም የሚያስፈራው ከሆነ፣ ጉዳዩ የነገ ሥራ ስጋት አይደለም። ያልሻረ ቁስል ነው፤ ሐኪም ሊያየው ይገባል።