ሐኪም ስትደውል «አጭበርባሪ» የሚል ስልክ



ስለ ስልክ ላውራ ስል አንዳንዶቻችሁ ሳቃችሁ፤ እሷን ምን አገባት ነው ነገሩ። ያገባኝ ባለፈው ዓመት አንድ ምሽት ነው። እንደምታውቁት የምሠራው አሜሪካ ነው። ላቦራቶሪው የአንዲት ያገራችንን እናት የፖታሲየም ውጤት 6.4 ብሎ ነገረኝ። ሐኪም ላልሆናችሁ፣ የልብን ምት ሊያዛባ የሚችል መጠን ነው፤ እስከ ነገ አይባልም። ከሆስፒታሉ ስልክ ደወልኩላቸው፤ ወደ መልእክት መቀበያ ሄደ። ደገምኩ፤ እንደዚያው። በራሴ ሞባይል፣ ቁጥሬ እንዳይታይ *67 አስቀድሜ ሞከርኩ። ቁጥር የሚደብቅ ጥሪ አንቀበልም የሚል ድምፅ መለሰልኝ። በመጨረሻ መዝገባቸው ላይ የልጃቸውን ቁጥር አግኝቼ ተገናኘን። ያን ሌሊት ድንገተኛ ክፍል አደሩ፤ ዛሬ ደህና ናቸው።

በኋላ ልጅቷ የእናቷን ስልክ አሳየችኝ። የሆስፒታላችን ዋና ቁጥር ሥር «Scam Likely» ይላል። እንዲህ የተባለ ጥሪ ሳይጮህ እንዲያልፍ፣ ቁጥሩን የደበቀ ደግሞ ጭራሽ እንዳይገባ ያደረገችው ራሷ ናት። አልፈርድባትም። ከመንግሥት የጡረታ መሥሪያ ቤት ነን ያሉ ሌቦች እናትየውን ገንዘብ ሊያስልኳቸው ትንሽ ነበር የቀራቸው።

እንግዲህ የሆስፒታላችንን የስልክ ባለሙያ ይዤ ተቀመጥኩ። ማጣሪያው የሚጠይቀው ሁለት ጥያቄ ነው አለኝ።

የመጀመሪያው፣ ይህ ቁጥር በእርግጥ የደዋዩ ነው ወይ? የሚል ነው። ሌባ የሰፈራችሁን ቁጥር አስመስሎ መደወል ይችላል። ስለዚህ በአሜሪካ ትልልቆቹ የስልክ ኩባንያዎች ከ2021 ሰኔ መጨረሻ ጀምሮ በኢንተርኔት መሥመር በሚያልፍ ጥሪ ላይ ዲጂታል ፊርማ እንዲያኖሩ ተገደዋል። አሠራሩ ስተር/ሼክን ይባላል። «ኤ» ማለት ደንበኛውን አውቀዋለሁ፣ ቁጥሩም የእሱ ነው ማለት ነው። «ቢ» ደንበኛውን አውቀዋለሁ፣ ቁጥሩን ግን አላረጋገጥኩም ማለት ነው። «ሲ» ደግሞ ጥሪው በየት በኩል እንደገባልኝ ብቻ አውቃለሁ ይላል። ከውጭ አገር የሚገባ ጥሪ ብዙውን ጊዜ «ሲ» ነው የሚያገኘው። እናንተ ከዚህ ከአዲስ አበባ ስትደውሉልን ማለት ነው! ሌብነት ሆኖ ሳይሆን፣ እዚያ ያለው ኩባንያ ማንነታችሁን የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው ነው።

የእኛ ሆስፒታል ጥሪ ግን «ኤ» ነበረው። ታዲያ ለምን? ፊርማው የሚናገረው ስለ ቁጥሩ ባለቤት እንጂ ስለ ሐሳቡ አይደለም፤ ሌባም በስሙ ቁጥር ገዝቶ «ኤ» ማግኘት ይችላል። ስለዚህ ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል፤ ይህ ቁጥር ጠባዩ ምን ይመስላል? በአጭር ጊዜ ስንት ሰው ጋር ይደውላል፣ ስንቱ ያነሳለታል፣ ካነሱ ስንት ሰከንድ ይቆያሉ፣ ስንቱስ አቤቱታ ያቀርብበታል?

ነገሩ እዚህ ላይ ተገለጠልኝ። ከሆስፒታላችን የሚወጣ ጥሪ ሁሉ የሚያሳየው አንድ ቁጥር ነው። በዚያው ቁጥር ጠዋት ጠዋት ማሽን ለመቶዎች ይደውላል፤ «ነገ ቀጠሮ አለዎት» ይላል። ግማሹ አያነሳም፣ ያነሳው በአምስት ሰከንድ ይዘጋል፣ የተሰላቸውም አጭበርባሪ ነው ብሎ ይጠቁማል። ማጣሪያው የሚያየው ሌባ የሚሠራውን ነው። ማታ የእኔ ጥሪ በዚያው ስም ይወጣል።

ምርመራ እንዳስተማራችሁን እናስላው። ለምሳሌ ከ1000 ጥሪ 300ው የሌባ ይሁን፤ ማጣሪያው ከእነሱ 95 በመቶውን፣ ከደህናዎቹም በስህተት 2 በመቶውን ያቁም። የሌባ 285፣ የደህና ሰው 14 ቆመ። ለምርመራ ቢሆን ግሩም ነው እንላለን። ግን የምርመራ ስህተት በየበሽተኛው ይበታተናል። እዚህ ፍርዱ በቁጥሩ ላይ ስለሆነ፣ 14ቱም ከአንድ ሆስፒታል የወጡ ሊሆኑ ይችላሉ። አማካዩ ደህና ሆኖ አንድ ክፍል ሙሉ በሙሉ ይደነቁራል። ደዋዩም አያውቅም፤ እኔ አላነሱም ብዬ ነበር የማስበው።

ያደረግነው ቀላል ነው። የቀጠሮ ማሽኑን በሌላ ቁጥር አወጣነው፤ ሐኪሞች የምንደውልበት ለብቻው ሆነ። ሁለቱንም ስም ለሚለጥፉት ድርጅቶች አስመዘገብን፤ ሦስቱ ዋነኞች በአንድ ድረ ገጽ freecallerregistry.com ይቀበላሉ። መመዝገብ ግን ዋስትና አይሰጥም፤ ጠባዩ ከከፋ ስሙ ይመለሳል። *67 መጠቀም ትቻለሁ። በሽተኞቼ የሐኪሞቹን ቁጥር በስልካቸው እንዲመዘግቡም እጠይቃለሁ፤ ይህም ቢሆን ኩባንያው ራሱ መሥመር ላይ ያገደውን ጥሪ አያድነውም፣ ስልኩ ጋ አይደርስማ።

ባለሙያው አሁን ጠረጴዛው ላይ የሦስት ኩባንያዎች ርካሽ ስልኮች ደርድሯል። ሰኞ ሰኞ ከሁለቱም ቁጥሮች ይደውልላቸውና ምን ብለው እንደሚጠሩን ያያል።