«ልምድ የለኝም» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት

ውድ የአካውንቲንግ ተመራቂዎች፣

የሙያዬ ዋና ሥራ ሒሳብ ነው። ለዓመታት ግን ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኞችን በሚቀጥር ኮሚቴ ውስጥም ስለተቀመጥሁ፣ ከእናንተ ወረቀት ጋር በደንብ እንተዋወቃለን። ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደመወዝ በልቶ የማያውቅ ተመራቂ ሲቪውን በምን ይሞላዋል?

አብዛኛው ሲቪ እንዴት እንደሚደርሰን ልንገራችሁ። ከላይ ፎቶ አለ፤ ቀጥሎ የትውልድ ቦታና የጋብቻ ሁኔታ፤ ከዚያ ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ የተማራችሁባቸው ትምህርት ቤቶች። «ታታሪ ነኝ፣ በቡድን መሥራት እችላለሁ» የሚል መስመር ይከተላል። የሥራ ልምድ በሚለው ርዕስ ሥር ደግሞ «የለም» ተብሎ ይጻፋል። ለ0 ዓመት ልምድ በወጣ ማስታወቂያ መቶ ሰው እንዲህ ሲጽፍ፣ መራጩ እጅ ላይ የሚቀረው መለያ ጂፒኤ ብቻ ይሆናል። የመውጫ ፈተናውንም ሁላችሁም አልፋችኋል፤ እሱም ብቻውን አይለያችሁም።

ባለፈው ዓመት የጎረቤቴ ልጅ፣ እንደ እናንተው የአካውንቲንግ ተመራቂ፣ ሲቪዋን እንዳይላት አመጣችልኝ። መጨረሻው ላይ፣ ከትርፍ ጊዜ ማሳለፊያዋ አጠገብ፣ «የበጎ አድራጎት ክበብ ገንዘብ ያዥ» የሚል መስመር ነበር። ሌላ ማብራሪያ የለውም። ቁጭ አድርጌ ጠየቅኋት። ስንት አባል ነበራችሁ? መዋጮው ስንት ነው? ገንዘቡ የት ይቀመጣል? ማን ይፈርማል? ሳይገጥም ሲቀር ምን ታደርጊያለሽ?

መልሷ ይኸው ነው። አባላቱ 180 ናቸው፤ እያንዳንዱ በወር 20 ብር ያዋጣል። በ10 ወር መሰብሰብ የነበረበት 36,000 ብር ነው፤ የተሰበሰበው 29,400 ሆነ። የቀረውን 6,600 ብር ማን እንዳልከፈለ በስም ዝርዝር ይዛለች። ገንዘቡ ባንክ ይገባል፤ ለማውጣት የሁለት ሰው ፊርማ ያስፈልጋል። በየወሩ መዝገቧን ከባንክ ደብተሩ ጋር ታስተያያለች። አንድ ወር 300 ብር አልገጥም ብሎ ሲያስቸግራት፣ አንዱን ወጪ ሁለት ጊዜ መዝግባው እንደነበር ደርሳበት አስተካከለች። በዓመቱ መጨረሻ ሒሳቡን ለተተኪዋ በሰነድ አስረከበች።

እንግዲህ አስቡት። ይህች ልጅ ተሰብሳቢ ሒሳብ ተከታትላለች፤ የባንክ ሒሳብ አስታርቃለች፤ ርክክብ ፈጽማለች። እኛ ለጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ የምንሰጠው ሥራ ይኸው ነው። ክፍያ አላገኘችበትም እንጂ ሥራውን ሠርታዋለች። መስመሩን ነቅለን ወደ ላይ አወጣነውና እንዲህ ጻፍነው፦

«ገንዘብ ያዥ፣ የተማሪዎች በጎ አድራጎት ክበብ። ከ180 አባላት ወርሃዊ መዋጮ ሰብስቤ በ10 ወር 29,400 ብር ገቢ አድርጌያለሁ። መዝገቡን በየወሩ ከባንክ ሒሳብ ጋር አስታርቄያለሁ። የዓመቱን ሒሳብ በሰነድ አስረክቤያለሁ።»

ሲቪያችሁን በእንግሊዝኛም ብትጽፉት አሠራሩ አንድ ነው፦ ምን አደረግሁ፣ በምን ያህል፣ ምን ተገኘ። «ኃላፊነት ነበረብኝ» የሚለው አነጋገር ሥራው መሠራቱን አይናገርም።

ወደ ትምህርቱ እንምጣ። የወሰዳችሁትን ኮርስ ሁሉ አትዘርዝሩ፤ እሱን ትራንስክሪፕታችሁ ይናገራል። ማስታወቂያውን አንብቡና ከሥራው ጋር የሚገናኙ ሦስት ወይም አራት ኮርሶች ምረጡ፤ ለእያንዳንዱም በእጃችሁ የሠራችሁትን አንድ ነገር ጨምሩበት። «ፒችትሪ እችላለሁ» ከምትሉ፣ «በላቦራቶሪ የአንድ ንግድ ድርጅት የአንድ ወር ግብይት በፒችትሪ መዝግቤ የሙከራ ሚዛንና የትርፍና ኪሳራ መግለጫ አውጥቻለሁ» በሉ። የልምምድ ሥራ መሆኑን አትደብቁ፤ እንዲያም ሆኖ ምን እንደምትችሉ ያሳያል።

የመመረቂያ ጽሑፋችሁም እንዲሁ ነው። ረጅሙን ርዕስ ገልብጦ ማስቀመጥ ለአንባቢው ምንም አይነግረውም። ጥያቄው ምን ነበር? መረጃውን ከየት አመጣችሁ? ምን አገኛችሁ? በሁለት መስመር ይበቃል። በቡድን ከሠራችሁት ደግሞ የራሳችሁን ድርሻ ለዩ። አምስት ሰው የሠራውን አምስታችሁም «እኔ ሠራሁት» ብላችሁ ብትጽፉና አምስታችሁም አንድ ቦታ ብታመለክቱ፣ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ይታያል። «መጠይቁን ያዘጋጀሁትና መረጃውን በኤክሴል የተነተንሁት እኔ ነኝ» የሚል መስመር ግን የሚታመን ነው። ጽሑፉን በገንዘብ ያስጻፈ ሰው ካለ ምክሬ አጭር ነው፤ ሲቪው ላይ አያስገባው። ቃለ መጠይቅ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄያችን እሱ ነውና።

ገደቡንም ልንገራችሁ። የክበብ ሥራ የቅጥር ልምድን አይተካም። አንድ መሥሪያ ቤት «2 ዓመት ልምድ፣ የሥራ ግብር የተከፈለበት» ብሎ ካወጣ፣ ይህ ሁሉ ያንን መስፈርት አያሟላም። እዚያ ከማመልከት 0 ዓመት የሚሉትን፣ የባንክ ሠልጣኝ ቅጥሮችንና የአነስተኛ ድርጅቶችን የጀማሪ ቦታዎች ፈልጉ። የክበቡንም ሥራ «የሥራ ልምድ» በሚል ርዕስ ሥር አታስገቡት፤ «ፕሮጀክቶችና የተማሪነት ኃላፊነቶች» የሚል የራሱን ርዕስ ስጡት። በተሳሳተ ርዕስ ሥር የገባ እውነት ማጋነን ይመስላል፤ ሌላውንም መስመር ያስጠረጥራል።

ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው። ስምና ስልክ፤ ትምህርት፣ ጥሩ ከሆነ ከነጂፒኤው ከነመውጫ ፈተና ውጤቱ፤ ፕሮጀክቶችና ኃላፊነቶች፤ ከሥራው ጋር የሚሄዱ ኮርሶች፤ የምትሠሩባቸው ፕሮግራሞችና ቋንቋዎች፤ በመጨረሻ ምስክሮች። ሁሉም በአንድ ገጽ ይግባ። ጨርሳችሁ ስታበቁ እያንዳንዱን መስመር እየነካችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፤ «ስለዚህ ሁለት ደቂቃ ሳልደናገር ማውራት እችላለሁ?» ካልቻላችሁ መስመሩን አውጡት።

ውድ ተመራቂዎች፣ ይህ ሁሉ ማስረጃ ይፈልጋል፤ ማስረጃው ደግሞ ያለው እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ የክበቡ አመራር ይቀየራል፤ መዝገቡ ይጠፋል፤ አማካሪያችሁም ስማችሁን ይረሳሉ። ስለዚህ ሻንጣችሁን ከመሸከፋችሁ በፊት ሦስት ነገር አድርጉ። በክበብ ያገለገላችሁ፣ የሠራችሁትንና የቆያችሁበትን ጊዜ የሚገልጽ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አስጽፉ። አማካሪያችሁን ምስክር እንዲሆኑላችሁ አስፈቅዱ፤ ስልካቸውንም ያዙ። የሠራችሁትን ቁጥር፣ ስንት ሰው፣ ስንት ብር፣ ስንት ወር እንደሆነ፣ ሳይረሳችሁ ዛሬ ማታ ጻፉት።